የግራናን ጉድጓድ ጠረጴዛ ላይ መፈተን

ከግራና እስከ ቆቦ በተራሮች መካከል የተዘረጋው ሸለቆ ውሃው ከመሬት በታች ነው። ቆቦ ግራና ሲባል ጥልቅ ጉድጓድ፣ ፓምፕና የጠብታ መስኖ አብረው የሚነሡት በዚህ ምክንያት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የተጠመቀው ፓምፕ ውሃውን ከፍ ብሎ ወደተሠራ ማጠራቀሚያ ይገፋል፤ ከዚያ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ሽንኩርቱና ወደ ቲማቲሙ ማሳ ይወርዳል። ፓምፑን ሰው በእጁ ሊያስነሣና ሊያጠፋ ይችላል። ሥራው ለተቆጣጣሪ መሣሪያ ሲሰጥ ግን ፓኔሉ ውስጥ ፒኤልሲ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ይገባል፤ እሱም የማጠራቀሚያውንና የጉድጓዱን የውሃ ከፍታ እያነበበ ፓምፑ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚቆም ይወስናል።

ይህን ውሳኔ የሚሰጠው ፕሮግራም በአብዛኛው የሚጻፈው ከሳይቱ ርቆ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ፓኔሉ በሚገጣጠምበት ወርክሾፕ። ከአዲስ አበባ ወደ ሀብሩ ወረዳ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከረው ግራና ላይ ከሆነ ስሕተቱ የሚታየው ፓምፑ ከተሠቀለ፣ ክሬኑ ከሄደና ገበሬው ውሃ መጠበቅ ከጀመረ በኋላ ነው። መካነ ሥራው ላይ ስሕተት ፈልጎ ማረም ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚገለጠው ጉድጓዱ ሲደክም፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ሽቦ ሲበጠስ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ባለሙያው ሳይቱ ላይ በሚቆይባቸው ጥቂት ቀናት ላይከሠቱ ይችላሉ።

መፍትሔው ጉድጓዱንና ማጠራቀሚያውን በሶፍትዌር ሠርቶ ፕሮግራሙን ከእነሱ ጋር ማገናኘት ነው። ሶፍትዌሩ «ፓምፕ ተነሣ» የሚለውን ትእዛዝ ከፒኤልሲው ይቀበላል፤ ውሃው ምን ያህል እንደሚወርድና እንደሚሞላ ያሰላል፤ ውጤቱን እንደ ሴንሰር ንባብ አድርጎ ለፒኤልሲው ይመልሳል። ፒኤልሲው የሚያነበው ቁጥር ከእውነተኛ ጉድጓድ ይምጣ ከላፕቶፕ አያውቅም። ሙያተኞቹ ሲሙሌሽን የሚሉት ይህ ነው፤ እዚህም ሲሙሌሽን እንበለው፤ በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ጉድጓድና ማጠራቀሚያ ደግሞ ሞዴል።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለማሳያ ነው፤ የአንድ የተለየ ጉድጓድ መለኪያ አይደሉም፤ መጠናቸው ግን በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የሚያጋጥም ነው። ፓምፑ 60 ሜትር ጥልቀት ላይ ተሠቅሏል፤ ሞተሩ 30 ኪሎ ዋት ነው፤ በሰከንድ 20 ሊትር ይገፋል፤ በሰዓት 72 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ማጠራቀሚያው 4 ሜትር ከፍታና 50 ሜትር ካሬ ስፋት አለው፤ ሲሞላ 200 ሜትር ኩብ ይይዛል። መስኖው ሲከፈት በሰከንድ 12 ሊትር ይወስዳል።

ፓምፑ ሲቆም የጉድጓዱ ውሃ የሚያርፍበት ከፍታ አለ። ከክረምት በኋላ ከመሬት 20 ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል እንበል፤ ከፓምፑ በላይ 40 ሜትር ውሃ አለ ማለት ነው። በበጋ መጨረሻ ግን ያው ውሃ 28 ሜትር ላይ ይወርዳልና ከፓምፑ በላይ የሚቀረው 32 ሜትር ነው። ፓምፑ ሲነሣ ውሃው በጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፤ በሰከንድ 20 ሊትር ሲቀዳ 30 ሜትር ወርዶ ይረጋል እንበል። ስለዚህ ከክረምት በኋላ ፓምፑ እየሠራ በላዩ 10 ሜትር ውሃ ይኖረዋል፤ በበጋ መጨረሻ ግን 2 ሜትር ብቻ። ፓምፑ ውሃ አጥቶ በደረቅ እንዳይሽከረከር በላዩ ያለው ውሃ ከ5 ሜትር ሲያንስ መቆም አለበት ብለን እንወስን።

ይህን ሁሉ የሚያሰላው የሞዴሉ እምብርት ከዚህ አይበልጥም፦

```
s_end = 1.5 * q
s = s + (s_end - s) * dt / 300
well = rest - s
tank = tank + (q - out) / 1000 * dt / 50
```

`q` ፓምፑ በሰከንድ የሚገፋው ሊትር ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ዜሮ ይሆናል። `s_end` ውሃው በመጨረሻ ወርዶ የሚረጋበት ልክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሊትር 1.5 ሜትር፣ ለ20 ሊትር 30 ሜትር። ሁለተኛው መስመር ውሃው በአንዴ እንደማይወርድ ይናገራል፤ እስካሁን የወረደበት ልክ `s` ወደ መጨረሻው ልክ በ300 ሰከንድ የጊዜ ቋሚ ይጠጋል፤ መጀመሪያ ቶሎ፣ በኋላ እየዘገየ። `rest` ከፓምፑ በላይ የሚያርፈው ውሃ ነው፤ በበጋ 32። `well` በዚያ ቅጽበት ከፓምፑ በላይ ያለው ውሃ ነው። የመጨረሻው መስመር ማጠራቀሚያው ውስጥ የገባውን ከወጣው ቀንሶ በስፋቱ ያካፍላል፤ `out` መስኖው የሚወስደው ሊትር ነው። `dt` በሁለት ስሌቶች መካከል ያለው ሰከንድ ሲሆን አንድ ሰከንድ በቂ ነው። ይህ በፓይተን የተጻፈ ነው፤ በኤክሴልም መሥራት ይቻላል።

እውነተኛ ጉድጓድ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ለሰዓታት፣ ለቀናትም ቢሆን በዝግታ መውረዱን ይቀጥላል፤ ሲቀዳ የሚወርደውም ከሚቀዳው ጋር ልክ በልክ አይሄድም። የፓምፑን ፕሮግራም ለመፈተን ግን ይህ ይበቃል። ከሞዴሉ የምንጠብቀው የውሃውን ከፍታ በሴንቲሜትር እንዲተነብይ አይደለም፤ ፓምፑ ሲነሣ በደቂቃዎች እንዲወርድ፣ ሲቆም በደቂቃዎች እንዲመለስ፣ በበጋም ከደኅንነቱ ወሰን በታች እንዲወርድ ብቻ ነው። 1.5 እና 300 የሚሉት ሁለት ቁጥሮች የሚገኙት ጉድጓዱ ሲቆፈር ከሚደረገው የፓምፕ ሙከራ ሰነድ ነው። እዚያ ላይ ስንት ሊትር ሲቀዳ በስንት ደቂቃ ስንት ሜትር እንደወረደ፣ ፓምፑ ሲቆምም እንዴት እንደተመለሰ በሠንጠረዥ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ሰነድ ሳይጠይቁ ፕሮግራም መጻፍ አግባብ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። የመጀመሪያው ረቂቅ ማንም ሰው የሚጽፈው ዓይነት ነው፦ ማጠራቀሚያው ከ1.5 ሜትር ሲያንስ ፓምፑ ይነሣ፣ ከ3.5 ሜትር ሲበልጥ ይቁም፤ በጉድጓዱ ያለው ውሃ ከ5 ሜትር ሲያንስ ግን በማንኛውም ሁኔታ ይቁም፤ ወደ 8 ሜትር ሲመለስ ሥራውን ይቀጥል። ወረቀት ላይ ሲያዩት እንከን የለውም። `rest` 40 ሆኖ ሲሞከርም እንዲሁ ነው፤ ፓምፑ ይነሣል፤ ውሃው 10 ሜትር ላይ ይረጋል፤ ማጠራቀሚያው ይሞላል፤ ፓምፑ ይቆማል። ይህ ፕሮግራም በጥቅምት ግራና ላይ ቢገጠም ርክክቡ ያለ ችግር ይፈጸማል።

`rest` ወደ 32 ሲቀየር ሌላ ነገር ይታያል። ፓምፑ ከተነሣ ከ11 ደቂቃ ተኩል በኋላ ውሃው 5 ሜትር ላይ ይደርስና ፓምፑ ይቆማል። ጉድጓዱ ያኔ 27 ሜትር የወረደ ስለሆነ ውሃው በኃይል ይመለሳል፤ 8 ሜትር ለመድረስ 35 ሰከንድ ይበቃዋል። ፓምፑ እንደገና ይነሣል። በዚህኛው ዙር ውሃው 5 ሜትር የሚደርሰው በሦስት ደቂቃ ተኩል ነው። እንደገና ይቆማል፤ ከ35 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይነሣል። በሰዓት 15 ጊዜ ያህል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ምንም ችግር አያይም። ፓምፑ በአማካይ በሰከንድ 17 ሊትር ያህል እየገፋ ነው፤ መስኖው የሚወስደው 12 ነው። ማጠራቀሚያው ይሞላል፤ ማሳው ይጠጣል። ማጠራቀሚያው ከ1.5 ተነሥቶ 3.5 ሜትር እስኪደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲወስድ ሞተሩ ግን 80 ጊዜ ያህል ተነሥቷል። መስኖው ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ ቁጥሩ ከ100 ያልፋል። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሚሆን ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ጥቅልሉ ይግላል፤ የኮንታክተሩ መገናኛ በእሳት ይበላል። ለዚህ መጠን ላላቸው የጉድጓድ ሞተሮች በቀን ከ100 ጊዜ በላይ እንዳይነሡ ገደብ የሚያስቀምጡ አምራቾች አሉ። ሞተሩ ሲቃጠል የሚታሰበው የመብራት መዋዠቅ ወይም የሞተሩ ጥራት ነው። ሌላ ሞተር ይገዛል፤ 60 ሜትር ቧንቧ በክሬን ይወጣል፤ ይገባል፤ አዲሱም ሞተር በያው ፕሮግራም ሥር ሥራውን ይጀምራል።

ሲሙሌሽኑ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሳያል፤ ዋናው ነገር ግን አንድ ተጨማሪ መስመር ስክሪን ላይ መሳል ነው፦ ፓምፑ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተነሣ የሚቆጥር። የማጠራቀሚያውን ከፍታ ብቻ የሚያይ ፈታኝ ፕሮግራሙን ያሳልፈዋል።

የመጀመሪያው እርማት ማዘግየት ነው። ጉድጓዱ ደክሞ ፓምፑ ከቆመ 30 ደቂቃ ሳይሞላ እንዳይነሣ በፕሮግራሙ ውስጥ ሰዓት ቆጣሪ ይገባል። በዚህ ጊዜ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ፓምፑ 11 ደቂቃ ተኩል ይሠራል፤ 30 ደቂቃ ያርፋል፤ የሚነሣው በሦስት ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ገደማ ነው። ሞተሩ ተረፈ። ሲሙሌሽኑ ግን እንዲቀጥል ከተተወ ሌላ ጣጣ ያወጣል። በአንድ ዙር የሚገፋው ውሃ 13.8 ሜትር ኩብ ነው፤ በሰዓት ሲታሰብ 20 ገደማ። መስኖው ደግሞ በሰዓት 43 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ማጠራቀሚያው 3.5 ሜትር ሞልቶ መስኖ ቢከፈት ረፋዱ ላይ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ባዶ ይሆናል። የመጨረሻው ብሎክ ሽንኩርት አይጠጣም።

ፕሮግራመሩ ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹን በመነካካት ብዙ ሊደክም ይችላል፤ 30ውን ደቂቃ 15 ማድረግ፣ 8ቱን ሜትር 12 ማድረግ። ሁሉም በሞተሩና በውሃው መካከል መሸማገል ነው። ትክክለኛው መልስ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም፤ ሲሙሌሽኑ ይህንን ማሳየቱን ከጥቅሞቹ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። `q` ከ20 ወደ 16 ሲቀነስ፣ ማለትም ከፓምፑ በኋላ ያለው ቫልቭ በከፊል ሲዘጋ ወይም ሞተሩ ፍጥነት በሚቀንስ መሣሪያ ሲነዳ፣ ጉድጓዱ የሚወርደው 24 ሜትር ብቻ ይሆናል። ከፓምፑ በላይ 8 ሜትር ውሃ ይቀራል። ፓምፑ ሳያቋርጥ ይሠራል፤ በሰዓት 57.6 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ መስኖውን አጠጥቶ በሰዓት 14 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይተርፋል። በሙሉ ኃይል እየተነሣና እያረፈ 20 ሜትር ኩብ ይሰጥ የነበረው ፓምፕ ቀስ ብሎ ሲሠራ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ውሃ ሰጠ፤ በቀን የሚነሣውም ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሲሙሌሽኑ የወጣው ውጤት የተስተካከለ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ለመካኒካል ባለሙያው የሚተላለፍ መልእክት ጭምር ነው፤ በበጋ ወራት የፓምፑ መውጫ በሰከንድ 16 ሊትር ላይ ይወሰን፣ ለዚህም የውሃ ቆጣሪ ይገጠም የሚል። የ30 ደቂቃው ማዘግየትም አይነሣም፤ ጉድጓዱ ከታሰበው በላይ በደከመ ዓመት መጠበቂያ ሆኖ ይቀራል። የታሰበው ወሰን እስከ የት እንደሚሄድም ከያው ስሌት ይወጣል። መስኖው የሚወስደውን 12 ሊትር ብቻ ብንቀዳ ጉድጓዱ 18 ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ያረፈው ውሃ ከመሬት 37 ሜትር እስኪርቅ ድረስ ፓምፑ ሳይቆም መሥራት ይችላል። ከዚያ ወዲያ የመስኖውን ሰዓት ማሳጠር እንጂ ፕሮግራም መለወጥ አይረዳም።

ሁለተኛው የሚፈተን ነገር የሴንሰሩ ሽቦ ነው። የማጠራቀሚያው ሴንሰር ከፍታውን የሚናገረው በኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፦ 4 ሚሊ አምፔር ማለት ዜሮ ሜትር፣ 20 ሚሊ አምፔር ማለት 5 ሜትር። ማጠራቀሚያው ከጉድጓዱ ርቆ ከፍታ ላይ ስለሚሠራ ሽቦው ረጅም ነው፤ በማረሻ ሊበጠስ፣ በአይጥ ሊበላ ይችላል። ሲበጠስ ፍሰቱ ዜሮ ይሆናል። ፒኤልሲው በሒሳቡ መሠረት ዜሮ ሚሊ አምፔርን ወደ ሜትር ሲቀይረው ከዜሮ በታች 1.25 ሜትር ያገኛል። ይህ ከ1.5 ያንሳልና ፓምፑ ይነሣል፤ ከ3.5 ፈጽሞ ስለማይበልጥ አይቆምም። መስኖው ዝግ ሆኖ ማጠራቀሚያው 3 ሜትር ላይ ከነበረ ከ42 ደቂቃ በኋላ ውሃው በአናቱ ይፈሳል፤ ሰው እስኪያየውም ሲፈስ ያድራል።

ይህን ለመፈተን የሞዴሉን ንባብ በአንድ ቁልፍ ወደ ዜሮ መጣል ብቻ ነው። መልሱም አጭር ነው፦

```
Tank_Bad := (Tank_mA < 3.6) OR (Tank_mA > 21.0);
IF Tank_Bad OR Well_Low THEN
    Pump := FALSE;
ELSIF Tank_m < 1.5 THEN
    Pump := TRUE;
ELSIF Tank_m > 3.5 THEN
    Pump := FALSE;
END_IF;
```

`Tank_Bad` ንባቡ ከሴንሰሩ ተፈጥሯዊ ክልል ሲወጣ እውነት ይሆናል። ደህና ሴንሰር ባዶ ማጠራቀሚያ ላይም ቢሆን 4 ሚሊ አምፔር ገደማ ይልካል፤ ስለዚህ ከ3.6 በታች የሆነ ንባብ የውሃ ከፍታ ሳይሆን ብልሽት ነው። `Well_Low` ጉድጓዱ ደክሞ ወይም ማረፊያው 30 ደቂቃ ገና ሳይሞላ ሲቀር እውነት የሚሆን ምልክት ነው። የጉድጓዱ ሴንሰር ሽቦ ቢበጠስስ? እዚያ ዜሮ ፍሰት «ውሃ የለም» ተብሎ ስለሚነበብ ፓምፑ ይቆማል። ለሞተሩ መልካም ነው፤ ግን ማሳያው ላይ «ጉድጓዱ ደክሟል» የሚል ጽሑፍ ከወጣ ሰዎች ጉድጓዱ እስኪያገግም ቀን ሲጠብቁ ሽቦው እንደተበጠሰ ይቆያል። ሁለቱ ብልሽቶች የተለያየ መልእክት እንዲኖራቸው ማድረግ ግድ ነው፤ በአማርኛ ቢጻፍ ደግሞ ፓምፑን የሚጠብቀው ሰው ስልክ ሳይደውል ይረዳዋል።

ሦስተኛው መብራት ነው። ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ፒኤልሲው ከባዶ ይነሣል፤ ሴንሰሮቹም ትክክለኛ ንባብ ለመስጠት ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋሉ። በዚያች ቅጽበት ንባቡ ዜሮ ስለሆነ አሁን ያየነው `Tank_Bad` እውነት ይሆናል። ፕሮግራሙ የተጻፈው ብልሽት ሲያይ ሰው መጥቶ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ እንዲቆም ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፑ ሰው ይፈልጋል። ሲሙሌሽኑ ላይ ኃይልን ማጥፋትና መመለስ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶችም ዜሮ ንባብ መላክ ይህን ያጋልጣል። ብልሽቱ ያለማቋረጥ ለአሥር ሰከንድ ካልቆየ ፓምፑን ለጊዜው አቁሞ መጠበቅ እንጂ ሰው እስኪመጣ አለመቆለፍ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በአንድ መስመር ላይ ብዙ ጉድጓዶች ካሉ ደግሞ መብራት ሲመለስ ሁሉም ሞተሮች በአንድ ቅጽበት እንዳይነሡ ለእያንዳንዱ የተለያየ የመነሻ መዘግየት መስጠት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቮልቴጁ ወርዶ መልሶ ይጥላቸዋል።

አሁን ሞዴሉና ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚገናኙ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፒኤልሲው ራሱ በኮምፒውተር ውስጥ እንዲመሰል ማድረግ ነው። ሲመንስ ለራሱ ፒኤልሲዎች ፒኤልሲሲም የሚባል ሶፍትዌር አለው፤ ኮዴሲስም የራሱ ማስመሰያ አለው፤ ኦፕንፒኤልሲ ደግሞ በነፃ የሚገኝና በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ነው። ለተማሪና ለጀማሪ የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ሞድባስ በሚባለው የመረጃ መለዋወጫ ከፓይተን ጋር በቀላሉ ይነጋገራልና። ሁለተኛው መንገድ ወደ ግራና የሚሄደውን እውነተኛ ፒኤልሲ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በኔትወርክ ኬብል ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ነው። ቢቻል በሁለቱም መፈተን ጥሩ ነው። ካልተቻለ ሁለተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱም የሚፈተነው ሄዶ የሚሠራው ዕቃ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ጊዜ ነው። የበጋ አንድ ቀን ሙሉ 24 ሰዓት ጠብቆ መፈተን አሰልቺ ስለሆነ ሞዴሉን 20 እጥፍ ማፋጠን ያጓጓል። ሞዴሉ ይፈጥናል፤ ፒኤልሲው ውስጥ ያለው የ30 ደቂቃ ቆጣሪ ግን በእውነተኛ ሰዓት ነው የሚሄደው። ሞዴሉ ሲፈጥን በዚያ 30 ደቂቃ ውስጥ ማጠራቀሚያው የ10 ሰዓት ውሃ ያጣል፤ ውጤቱ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉት የጊዜ ልኮች ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚለወጡ ቁጥሮች ይሁኑ፤ ሞዴሉ 20 እጥፍ ሲፈጥን 30ው ደቂቃ 90 ሰከንድ፣ አሥሩም ሰከንድ ግማሽ ሰከንድ ይሁን። የመጨረሻው ሙከራ ግን ሳይፋጠን፣ በእውነተኛ ቁጥሮች ሌሊቱን እንዲያድር ይደረግ። የተፋጠኑትን ቁጥሮች ረስቶ ሳይት ላይ መጫን በዚህ ሥራ ከሚያጋጥሙ አደጋዎች አንዱ ነው፤ 90 ሰከንድ ብቻ የሚያርፍ ፓምፕ ከመጀመሪያው ረቂቅ ብዙም አይሻልም።

ተመሳሳይ አደጋ ንባቡ ከየት ይምጣ በሚለው ላይም አለ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሴንሰሮቹ የሚነበቡበት አንድ ቦታ ብቻ ሊኖር ይገባል፤ እዚያ ላይ «ከሞዴሉ አንብብ» ወይም «ከእውነተኛው መግቢያ አንብብ» የሚል መቀየሪያ ይቀመጣል። ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል ሳይነካ ይቀራል፤ የተፈተነውና የሚሠራው አንድ ዓይነት የሚሆነው እንዲህ ነው። መቀየሪያው ወደ ሞዴሉ በዞረበት ጊዜ ሁሉ ማሳያው ላይ ቀይ ጽሑፍ እንዲበራ ማድረግ፣ ፓኔሉ ከሞተሩ ጋር ሲገናኝም ጭራሽ እንዳይሠራ መቆለፍ ያስፈልጋል።

ሲሙሌሽን የማያሳየው ነገር ብዙ ነው። ሦስቱ የሞተሩ ፌዞች ተዘዋውረው ታስረው ሞተሩ ወደ ኋላ ቢሽከረከር ሞዴሉ አያውቀውም፤ ወደ ኋላ የሚሽከረከር ፓምፕ ደግሞ ትንሽ ውሃ ስለሚገፋ በሩቅ ሲያዩት የሚሠራ ይመስላል። ያልጠበቀ ተርሚናል፣ አሸዋ የሚያመጣ ጉድጓድ፣ የሚያፈስ የማይመለስ ቫልቭ፣ እነዚህ ሁሉ ግራና ላይ ብቻ የሚታዩ ናቸው። ከዚህም የሚከፋ ጉድለት አለ፤ ሞዴሉንና ፕሮግራሙን አንድ ሰው ሲጽፋቸው። ጉድጓዱ በሰከንድ 20 ሊትር ያለ ችግር ይሰጣል ብሎ ያመነ ሰው እምነቱን ሁለቱም ውስጥ ያስገባዋል፤ ሲሙሌሽኑም አምኖ ያሳልፈዋል። በምሳሌያችን `rest` 40 ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ምንም ባልታየ ነበር። ሞዴሉን ሌላ ሰው ከፓምፕ ሙከራው ሰነድ ተነሥቶ ቢጽፈው፣ የበጋውን ከፍታም የአካባቢውን የጉድጓድ ጠባቂ ጠይቆ ቢያስገባው ይመረጣል። ግራና ላይ ውሃው በሰኔ መግቢያ የት ድረስ እንደሚርቅ ከማንም ሰነድ ቀድሞ የሚያውቀው ፓምፑን ለዓመታት ሲያስነሣና ሲያጠፋ የኖረው ሰው ነው።

ሳይት ሲደረስ ያለው ሥራ በጣም ያጥራል። የሽቦዎቹ ግንኙነት አንድ በአንድ ይታያል፤ የሞተሩ አዙሪት ይረጋገጣል፤ ሴንሰሩ ባልዲ ውኃ ውስጥ ገብቶ ንባቡ ከሜትር ጋር ይመሳከራል። ከዚያ ፓምፑ 16 ሊትር ላይ ተወስኖ ይነሣና የጉድጓዱ ከፍታ በየደቂቃው ይመዘገባል። ይህ መዝገብ ሞዴሉ ከሳለው መስመር ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ጉድጓዱ 24 ሜትር ሳይሆን 26 ሜትር ከወረደ 1.5 የነበረው ቁጥር 1.63 ገደማ ይሆናል፤ በበጋ ከፓምፑ በላይ የሚቀረው ውሃ 6 ሜትር ብቻ ነው ማለት ነውና ቫልቩ ወደ 15 ወይም 14 ሊትር ይወርዳል። የተስተካከለው ሞዴል ከፕሮግራሙ ቅጂ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ የመስኖ ብሎክ ሲጨመርና በሰከንድ 12 የነበረው ፍላጎት 15 ሊትር ሲሆን ጉድጓዱ መቻል አለመቻሉ ቧንቧ ከመገዛቱ በፊት በዚያ ፋይል ይፈተናል።